አስፕሪን የማያስቆመው የረጋ ደም

የ68 ዓመት እናት ናቸው እንበል። ደም ግፊትና ስኳር አለባቸው። መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይወስዳሉ፣ ክትትላቸውንም አያቋርጡም። ከዓመታት በፊት «ለልብ ጥሩ ነው» ተብለው የጀመሯት ትንሿ አስፕሪንም አለች። ሰሞኑን ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸው፣ ልባቸውም ዝብርቅርቅ ይልባቸው ጀመርና ሐኪም ቤት ሄዱ። ኢሲጂ ተነሱ። ውጤቱ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባል የልብ ምት መዛባት ሆነ። ሐኪሙ አፒክሳባን የሚባል አዲስ ክኒን ጻፈላቸውና አስፕሪኗን እንዲያቆሙ ነገራቸው።

አብራቸው የሄደችው ልጃቸው ግራ ገባት። «ዶክተር፣ እማዬ እኮ ደም ማቅጠኛ እየወሰደች ነው። ያንን አቁማ ሌላ ደም ማቅጠኛ ለምን ትጀምራለች?»

ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ብዙ ሰው፣ አንዳንዴም የጤና ባለሙያ ጭምር፣ አስፕሪን ካለ ስለ ደም መርጋት ማሰብ አያስፈልግም ብሎ ያምናል። ችግሩ ደም በሰውነታችን ውስጥ የሚረጋው በአንድ መንገድ ብቻ አለመሆኑ ነው። አስፕሪን የሚከላከለው አንዱን መንገድ ነው። በኤትሪያል ፊብሪሌሽን ጊዜ ልብ ውስጥ የሚሠራው ደግሞ በአብዛኛው ሌላኛው ነው።

የላይኛው ክፍል መጨመቁን ሲያቆም

ጤናማ ልብ የሚመታበትን ትእዛዝ የሚያገኘው በቀኝ የላይኛው ክፍል ካለች ትንሽ የሴሎች ስብስብ ነው። ሰውየው እረፍት ላይ ሲሆን በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ኤሌክትሪክ ትለቃለች። መጀመሪያ ሁለቱ የላይኛው ክፍሎች አብረው ይጨመቁና ደሙን ወደ ታች ይገፋሉ። ከዚያ የታችኞቹ ተራ ይደርሳል። ቀኙ ወደ ሳንባ፣ ግራው ወደ ቀረው ሰውነት ይረጫል።

በኤትሪያል ፊብሪሌሽን ጊዜ ይህ ቅደም ተከተል ይፈርሳል። በላይኛዎቹ ክፍሎች ውስጥ ኤሌክትሪኩ ከብዙ ቦታ ይነሳል፣ እርስ በርሱ ይጋጫል፣ በደቂቃ ከ350 እስከ 600 ጊዜ ይራወጣል። ጡንቻ በዚህ ፍጥነት ተጨምቆ መላቀቅ አይችልም። ስለዚህ እዚያው ባለበት ይርገበገባል። ደግነቱ ከላይ ወደ ታች የሚወርደውን ኤሌክትሪክ የሚመጥን በር መሀል ላይ አለ። ያ በር ባይኖር የታችኛውም ክፍል አብሮ ይርገበገብና ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ይሞት ነበር። በሩ ግን የተወሰነውን ብቻ ያሳልፋል፣ ያሳለፈውም ወጥ አይሆንም። ለዚህ ነው የእጅ ምት ሲዳሰስ አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት የሚለው፤ ምንም ዜማ የለውም።

ሰው የሚሰማው ይህንን የታችኛውን መዛባት ነው። ጭራሽ የማይሰማቸውም ብዙ ናቸው፤ መታመማቸውን የሚያውቁት ስትሮክ ከመታቸው በኋላ ነው። አደጋው የተደበቀው ግን ላይ ነው።

የላይኛው ክፍል ባይጨመቅም ልብ ባዶውን አይቀርም። አብዛኛው ደም በክፍሎቹ መሀል ያለው ቫልቭ ሲከፈት በራሱ ወደ ታች ይወርዳል። መጨመቁ የሚጨምረው በጤናማ ሰው ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነውን ነው። ስለዚህ ታማሚው ይደክመዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ግን ይኖራል። መሀል ላይ ያለው ደም ዞሮ ዞሮ መንገዱን ያገኛል። መውጫ የሚያጣው ጥጉ ላይ ያለው ነው።

የልብ ጆሮ

ያ ጥግ ስም አለው። ከግራው የላይኛ ክፍል ጎን የተለጠፈ፣ ጣት የሚያክል፣ ጫፉ የተጣመመ ኪስ ነው። ሐኪሞች የግራ ልብ ጆሮ ይሉታል። ርዝመቱ እንደ ሰዉ ቢለያይም በአብዛኛው ከ2 እስከ 5 ሳንቲሜትር ይሆናል። አፉ ጠበብ ያለ ነው። ውስጡ ለስላሳ አይደለም፤ የጡንቻ ዘንጎች እርስ በርስ ተጠላልፈው ስርጓዳና ጉብታ ይሠሩበታል። አንዳንዱ ሰው ጋ ደግሞ ኪሱ ራሱ ሁለት ሦስት ቦታ ይከፈላል።

ልብ በሥርዓት ሲመታ ይህ ኪስ ችግር የለበትም። በእያንዳንዱ ምት ይጨመቅና የያዘውን ደም ያራግፋል። ደሙ ከአፉ የሚወጣበት ፍጥነት በሰከንድ 50 ሳንቲሜትርና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ሲመጣ ኪሱ መራገፉን ያቆማል። ፍጥነቱ በሰከንድ ከ20 ሳንቲሜትር በታች ሲወርድ የመርጋት አደጋው በግልጽ ይጨምራል። ወንዝ ሲሞላ አይታችሁ ከሆነ መሀሉ ሁሉንም ጠርጎ ይሄዳል፣ ጥምዝ ያለበት ዳር ላይ ግን አረፋና ጭራሮ ተሰብስቦ እዚያው ይዞራል። የልብ ጆሮ ማለት ያ ዳር ነው።

የሩማቲክ የልብ ቫልቭ ችግር በሌለባቸው የኤትሪያል ፊብሪሌሽን ታማሚዎች፣ በግራው የላይኛ ክፍል ከሚገኘው የረጋ ደም ውስጥ ከ10 ዘጠኙ እዚህ ኪስ ውስጥ ነው የሚገኘው። ቀኝ ልብም የራሱ ጆሮ አለው፤ ግን አፉ ሰፊ ስለሆነ ደሙ እንደ ግራው አይታሰርበትም።

ይህ ሁሉ በዓይን ይታያል። በድምፅ ሞገድ የልብን ምስል የሚያነሳው፣ ደረት ላይ የሚደረገው የተለመደው ኢኮ ጆሮውን በደንብ አያሳይም፤ ኪሱ ከኋላ በኩል ስለሚርቅ ነው። ስለዚህ ቀጭን መሣሪያ በጉሮሮ በኩል ወደ ምግብ ቧንቧ ይገባል። የምግብ ቧንቧው ከግራው የላይኛ ክፍል ጀርባ ተጣብቆ ስለሚያልፍ ምስሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። የሚፈስ ደም በኢኮ ላይ ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው። በእነዚህ ታማሚዎች ልብ ውስጥ ግን አንዳንዴ ግራጫ ነገር ቀስ እያለ ሲሽከረከር ይታያል። ባለሙያዎቹ ጭስ ይሉታል። ደሙ ገና አልረጋም። ነገር ግን በጣም ከመዘግየቱ የተነሳ ቀይ የደም ሴሎች እርስ በርስ ተደራርበው ስለተጣበቁ ድምፅ ያንጸባርቃሉ። ጭሱ ወፍራም ሆኖ ከታየ መርጋቱ ወይ ጀምሯል፣ ወይ ሩቅ አይደለም።

ቆሞ የቀረ ደም ለምን ይረጋል?

እዚህ ላይ «ደም ሲቆም ይረጋል» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ግን የመድኃኒቱ ነገር የሚገባን ምክንያቱን ስናውቅ ነው።

ደማችን ውስጥ የማርጋት ፕሮቲኖች ሁልጊዜ አሉ። ጉበት እያመረተ ይለቃቸዋል። አብዛኞቹ ተኝተው ነው የሚዞሩት። ትንሽ ትንሹ ግን ምንም ቁስል ባይኖርም ይነቃል። አንዱ ሲነቃ ቀጣዩን ይቀሰቅሳል፣ እየተባዛ ይሄድና መጨረሻ ላይ ትሮምቢን የሚባለው ይሠራል። የትሮምቢን ሥራ በደም ውስጥ የሟሟውን ፋይብሪኖጅን ቆራርጦ ፋይብሪን ወደሚባል ክር መለወጥ ነው። ክሩ ተጠላልፎ ቀይ ሴሎችን ይይዛል። የረጋ ደም ማለት ይኸው ነው።

ታዲያ ጤነኛ ሰው ለምን አይረጋበትም? ፈሳሹ ስለሚያድነው ነው። የነቃችው ጥቂት ትሮምቢን ወዲያው በሚያልፈው ደም ትበረዛለች። የሚመጣው አዲስ ደም አንቲትሮምቢን የሚባል ማርከሻ ይዞ ይመጣል። የደም ስር ውስጠኛ ሽፋንም ትሮምቢንን ይዞ የማርጋት ሥራዋን ያስጥላታል። ደሙ ሲቆም እነዚህ ሁሉ ይዳከማሉ። የነቃው አይበረዝም። ማርከሻው ያልቃል፣ ተተኪው ቶሎ አይመጣም። ትሮምቢን እዚያው ትከማቻለች፣ ተጨማሪ ትሮምቢንም እንዲሠራ ታደርጋለች። በአንድ ጠባብ ጥግ ውስጥ መስመሩ ከታለፈ በኋላ ነገሩ በራሱ ይቀጥላል።

የጆሮው ግድግዳም ጤነኛ አይደለም። ለዓመታት በደም ግፊት የተለጠጠ የላይኛ ክፍል ይሰፋል፣ በጡንቻው መሀል ጠባሳ ይገባል፣ ውስጠኛው ሽፋንም የማርከስ አቅሙን ይቀንሳል። ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርሾ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መሀል ላይ ስለ ደም መርጋት ከሠራው ሥራ ተነስተው፣ ሐኪሞች እስከ ዛሬ ሦስት ነገር ይጠይቃሉ፦ ደሙ ዘግይቷል ወይ? የደም ስሩ ሽፋን ተጎድቷል ወይ? ደሙ ራሱ ለመርጋት ቀርቧል ወይ? በኤትሪያል ፊብሪሌሽን ለሦስቱም በተለያየ መጠን መልሱ አዎ ነው። መሪው ግን መዘግየቱ ነው።

በደም ቅዳ ውስጥ የሚሆነው

አሁን ወደ ሌላው ዓይነት እንምጣ፤ የልብ ድካም ሳይሆን ድንገተኛ የልብ ጥቃት ወደሚባለው። የልብ ጡንቻን የሚመግበው ደም ቅዳ ግድግዳው ውስጥ ለዓመታት ስብ ተከማችቷል። ስቡን የሸፈነው ስስ ቆዳ አንድ ቀን ይቀደዳል። በተቀደደው በኩል ከደም ጋር መገናኘት የማይገባው ሥጋ ይጋለጣል።

እዚህ ደሙ አልቆመም። እንዲያውም የጠበበ ቦታ ስለሆነ ከወትሮው በላይ እየፈጠነ ነው የሚያልፈው። በዚህ ፍጥነት ፋይብሪን ብቻውን ምንም መሥራት አይችልም፤ ትሮምቢኗ ገና ሳትጠራቀም ትታጠባለች። ስለዚህ መጀመሪያ የሚደርሱት ፕላትሌቶች ናቸው። ፕላትሌት ከቀይ ሴል በጣም የምታንስ፣ ለመጣበቅ የተፈጠረች ቁራጭ ናት። በተቀደደው ቦታ ላይ ፎን ቪልብራንድ የሚባል ረጅም ፕሮቲን አለ። ደሙ ዝግ ሲል ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ ፈጣን ደም ሲጎትተው ግን ይዘረጋል፣ የሚያልፉትን ፕላትሌቶችም ይይዛል። የተያዙት ፕላትሌቶች ኬሚካል ይለቁና ሌሎችን ይጠራሉ። በደቂቃዎች ውስጥ ይከመራሉ። ፋይብሪን የሚመጣው ክምሩን ለማጠንከር ነው።

የዚህ ዓይነቱ የረጋ ደም ነጣ ያለ ነው፤ ፕላትሌት ይበዛበታል፣ ቀይ ሴል ያንስበታል። የሚሠራውም የሚዘጋውም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ነው። አስፕሪን ቦታው እዚህ ነው። ፕላትሌቶች እርስ በርስ ከሚጠራሩባቸው ኬሚካሎች አንዱን፣ ትሮምቦክሴን የሚባለውን፣ እንዳያመርቱ ታደርጋለች። ፕላትሌት ኒውክሊየስ ስለሌላት የተበላሸውን ተክታ መሥራት አትችልም፤ እስክትሞት ድረስ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን፣ እንደዚያው ትቀራለች። ትንሿ ክኒን በቀን አንዴ የምትበቃው ለዚህ ነው። የልብ ጥቃት ለደረሰበት ወይም የጠበበ ደም ቅዳን ከፍቶ የሚይዝ ስቴንት ለገባለት ሰው አስፕሪን ትልቅ ነገር ናት። ማንም እንዳያጣጥላት።

በደም መልስ ውስጥ የሚሆነው

በእግር ደም መልስ ውስጥ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ደሙ ከእግር ወደ ልብ ሽቅብ ስለሚሄድ ዝግተኛ ነው። ወደ ታች እንዳይመለስ የሚከለክሉ ትንንሽ ቫልቮች አሉ። ከእያንዳንዱ ቫልቭ ጀርባ ትንሽ ኪስ አለ። ሰው ሲራመድ የባት ጡንቻ ጨምቆ ኪሱን ያጥበዋል። ቀዶ ሕክምና አድርጎ የተኛ፣ እግሩ በጄሶ የታሰረ፣ ወይም ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ድረስ ሳይነሳ ተቀምጦ የበረረ ሰው ግን ባቱ አይሠራም። ኪሱ ውስጥ ያለው ደም ይተኛል። ኦክስጅኑ ይቀንሳል፣ ሽፋኑ ይቆጣል፣ ትሮምቢን ትጠራቀማለች። የግድ የተቀደደ ነገር መኖር የለበትም።

እዚህ የሚሠራው የረጋ ደም ቀይ ነው፤ ፋይብሪንና በፋይብሪን የተያዙ ቀይ ሴሎች ይበዙበታል። ከተነቀለ በቀኝ ልብ አልፎ ሳንባ ውስጥ ይሰካል።

አሁን የልብ ጆሮን ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛው ይመስላል ብለን እንጠይቅ። ጠባብ ኪስ፣ የዘገየ ደም፣ ያልተቀደደ ግድግዳ። ሙሉ በሙሉ የደም መልሱን ነው የሚመስለው። የልጅቷን ጥያቄ የሚፈታው ይህ ነው። የልብ ጆሮ የሚገኘው በግራ ልብ፣ ማለትም በደም ቅዳው ወገን ነው። የሚረጨውም ወደ ደም ቅዳ ነው። አረጋጉ ግን እንደ ደም መልስ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ የሚመረጠው ተነቅሎ በሚሄድበት ቦታ ሳይሆን በተሠራበት መንገድ ነው። እግሩ ላይ ደም የረጋበትን ሰው በአስፕሪን ብቻ የሚያክም የለም። የልብ ጆሮም እንደዚያው ነው።

ልዩነቱ ጉዞው ላይ ነው። ከእግር የተነሳው ሳንባ ላይ ይቆማል። ከግራ ጆሮ የተነሳው ወደ ታችኛው ግራ ክፍል ይወርዳል፣ በአንድ ምት ወደ ትልቁ ደም ቅዳ ይወጣል። ከዚያ ቅስት ላይ ከሚነሱት ቅርንጫፎች መካከል ወደ አንገትና ጭንቅላት የሚወጡት አሉ። አንጎል ከልብ ከሚወጣው ደም 15 በመቶ ያህሉን ይወስዳል፤ የተነቀለው ነገርም ብዙ ጊዜ ከደሙ ጋር ወደዚያ ይሄዳል። አንዳንዴ ወደ አንጀት፣ ወደ ኩላሊት ወይም ወደ እግር ይወርዳል። እግር ድንገት ቢቀዘቅዝ፣ ቢገረጣና ክፉኛ ቢያም ያም ከልብ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ኪሱ ውስጥ ጊዜ ወስዶ የተሠራ ነገር ትልቅ ሊሆን ይችላል። የአንጎሉ መካከለኛ ደም ቅዳ ስፋቱ ከ3 ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም። እሱ ከነግንዱ ሲዘጋ ግማሽ ሰውነት ይዝላል፣ ንግግር ይጠፋል። ከኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚመጣ ስትሮክ ከሌላው ይልቅ ከባድ የሚሆነው፣ አካል ጉዳትና ሞት የሚበዛበት፣ በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ነገር ግን ማስተካከል ይገባል። «ነጭ» እና «ቀይ» ብዬ የከፋፈልኩት ለመረዳት እንዲቀል ነው። ባለፉት ዓመታት ሐኪሞች ከስትሮክ ታማሚ አንጎል የረጋውን ደም በቀጭን ሽቦ ስበው ማውጣት ከጀመሩ ወዲህ፣ የወጣው ነገር በማይክሮስኮፕ ሲታይ ድብልቅ ሆኖ ተገኝቷል። ከልብ የመጣውም ፕላትሌት አለበት፤ በደም ቅዳ የተሠራውም ፋይብሪን አለበት። ቀለሙን አይቶ ከየት እንደመጣ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። የሚለያዩት በመነሻቸው ነው፦ አንዱን የሚያስጀምረው ፕላትሌት ነው፣ ሌላውን ትሮምቢን።

ቁጥሩ ምን ይላል?

ይህ ሁሉ ጥሩ ንድፈ ሐሳብ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር፣ በሰው ላይ ባይፈተን። ተፈትኗል። በ2007 የቀድሞ ጥናቶችን አንድ ላይ የደመረ ትንታኔ ዋርፋሪን የተባለው የቆየ የደም መርጋት መከላከያ በኤትሪያል ፊብሪሌሽን ታማሚዎች ላይ ስትሮክን በ64 በመቶ ሲቀንስ፣ አስፕሪንና መሰሎቹ በ22 በመቶ ያህል ብቻ እንደቀነሱ አሳየ። አስፕሪን ላይ ሌላ የፕላትሌት መድኃኒት፣ ክሎፒዶግሬል፣ ጨምረው ሞከሩ። ሁለቱ አብረውም ዋርፋሪንን አላከሉትም።

ከሁሉ ለእኚህ እናት የሚቀርበው ግን አቬሮስ የተባለው የ2011 ጥናት ነው። ዋርፋሪን አይሆናቸውም የተባሉ ከ5,500 በላይ ታማሚዎች ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሹ አፒክሳባን፣ ግማሹ አስፕሪን ወሰደ። አስፕሪን ከወሰዱት በዓመት 3.7 በመቶ ያህሉ ስትሮክ ወይም ሌላ ቦታ የተሰካ የረጋ ደም አጋጠማቸው። አፒክሳባን ከወሰዱት 1.6 በመቶ። ልዩነቱ ግልጽ ስለነበር ጥናቱ ከጊዜው በፊት ቆመ። ከባድ የደም መፍሰስስ? አፒክሳባን 1.4፣ አስፕሪን 1.2 በመቶ። በመካከላቸው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። «አስፕሪን እንኳን ቢያንስ አያደማም» የሚለው አባባል እዚህ ላይ አላዋጣም። አስፕሪንም ታደማለች፣ ያውም ጥቅሟ ትንሽ በሆነበት ቦታ።

ወደ እኚህ እናት እንመለስ። ሐኪሙ መድኃኒቱን የጻፈው በግምት አይደለም፤ ነጥብ ቆጥሮ ነው። የስትሮክ አደጋን በሚገምተው፣ ቻድስ ቫስክ በሚባለው አቆጣጠር ደም ግፊት 1፣ ስኳር 1፣ ከ65 እስከ 74 ዓመት ዕድሜ 1፣ ሴት መሆን 1። ድምሩ 4። የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር የ2024 መመሪያ ሴት መሆንን ከቆጠራው አውጥቶታል፤ በእሱ ከሄድን 3 ይሆናል። በየትኛውም ቢቆጠር መድኃኒቱ ይገባቸዋል። አፒክሳባን ደሙን አያቀጥንም፤ ትሮምቢን የሚሠራበትን ሰንሰለት አንድ ቦታ ላይ ይቆርጣል። አስፕሪኗ የቆመችው ደግሞ የልብ ጥቃት ደርሶባቸው ስለማያውቅ፣ ስቴንትም ስላልገባላቸው ነው። አብራ ብትቀጥል የምትጨምረው መድማትን ነው። ስቴንት ገብቶላቸው ቢሆን ኖሮ ሁለቱም መንገዶች መዘጋት ስላለባቸው ለተወሰነ ጊዜ ሁለቱን ዓይነት አብሮ መስጠት ይቻል ነበር።

አፒክሳባን በቀን ሁለት ጊዜ ነው የሚወሰደው። ከሰውነት ቶሎ ይወጣል። አስፕሪን አንድ ቀን ብትረሳ ሥራዋ ይቀጥላል፤ አፒክሳባን ሁለት ቀን ከተዘለለ ግን ጆሮው መከላከያ የለውም።

የሩማቲክ ልብ ሲሆን

እዚህ ላይ አገራችንን የሚመለከት አንድ ልዩ ጉዳይ አለ። እስከ አሁን ያወራሁት የቫልቭ ችግር ስለሌለበት ልብ ነው። በኢትዮጵያ ግን ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይዟቸው ከሚመጡት ውስጥ ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ በልጅነት ከያዛቸው የጉሮሮ ሕመም የተነሳ የሩማቲክ የልብ ሕመም ያለባቸው። በግራ የላይኛውና በታችኛው ክፍል መሀል ያለው ቫልቭ ይደድራል፣ ይጠባል። ደሙ የሚወርድበት በር ራሱ ጠበበ ማለት ነው። ያኔ ጆሮው ብቻ ሳይሆን መላው የላይኛ ክፍል ይሰፋል፣ ደሙም ይተኛበታል። የረጋው ደም ከጆሮው ውጪ፣ በክፍሉ ግድግዳ ላይም ይገኛል።

ለእነዚህ ታማሚዎች ነጥብ መቁጠር አያስፈልግም። የ28 ዓመት ወጣት በቻድስ ቫስክ ምንም ያህል ነጥብ ባታገኝ፣ ቫልቩ በመካከለኛ ወይም በከባድ ደረጃ ከጠበበና ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ካለ መድኃኒቱ ይጀመራል። መድኃኒቱም አፒክሳባንና መሰሎቹ ሳይሆኑ ዋርፋሪን ነው። በ2022 የወጣው ኢንቪክተስ የተባለ ጥናት ከ4,500 በላይ የሩማቲክ የልብ ሕመም ያለባቸውን የኤትሪያል ፊብሪሌሽን ታማሚዎች ይዞ የዋርፋሪን ወገን መድኃኒቶችን የአፒክሳባን መሰል ከሆነው ከሪቫሮክሳባን ጋር አነጻጸረ። ብዙዎች አዲሱ ያሸንፋል ብለው ሲጠብቁ፣ በዋርፋሪን ወገን ያሉት ያነሰ ሞት አጋጠማቸው፤ የደም መፍሰሱም አልበዛም። ስለዚህ «ዘመዴ ውጭ አገር አዲሱን ነው የሚወስደው» ብሎ ዋርፋሪንን በራስ መቀየር አይሆንም። ዘመድየው ቫልቩ ጤነኛ ሊሆን ይችላል።

ዋርፋሪን አስቸጋሪ መድኃኒት መሆኑ አይካድም። ጉበት አራት የማርጋት ፕሮቲኖችን በቫይታሚን ኬ አማካይነት ሲያመርት እሱ ያስተጓጉለዋል። ልኩ የሚታወቀው አይኤንአር በሚባል የደም ምርመራ ነው፤ በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 መሀል እንዲሆን ይፈለጋል። ከ2 በታች ሲሆን ጆሮው አይጠበቅም፣ ከ3 በላይ እየወጣ ሲሄድ መድማት ይመጣል። ጎመን ቫይታሚን ኬ ስላለው ቁጥሩን ያወርዳል። መተው አያስፈልግም፤ አንድ ሳምንት በየቀኑ በልቶ ሌላውን ሳምንት ጭራሽ አለመቅመስ ነው ቁጥሩን የሚያናውጠው። በጾምና በፍስክ መሀል አመጋገብ ስለሚቀያየር ያኔ ምርመራውን ማቀራረብ ጥሩ ነው። ሜትሮኒዳዞልና ኮትሪሞክሳዞል ደግሞ ቁጥሩን ሽቅብ ይሰቅሉታል። ለተቅማጥ ወይም ለሽንት ኢንፌክሽን ፋርማሲ ሄዶ መድኃኒት የሚገዛ ሰው «ዋርፋሪን እወስዳለሁ» ማለት አለበት። ለማርገዝ ያሰበች ሴት ደግሞ ከማርገዟ በፊት ለሐኪሟ ትንገር፤ ዋርፋሪን በመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል።

ምቱ ሲስተካከል

የቀረው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው። የልብ ምት በኤሌክትሪክ ወይም በመድኃኒት ወደ ሥርዓቱ ሊመለስ ይችላል። ኢሲጂው ጥርት ብሎ ይወጣል። ታማሚው «ዳንኩ» ብሎ ክኒኑን ያስቀምጣል።

ኤሌክትሪኩ ቢመለስም ጡንቻው ወዲያው አይመለስም። ለሳምንታት ሲርገበገብ የኖረ የላይኛ ክፍል ምቱ ከተስተካከለ በኋላም ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ደንዝዞ ይቆያል። ጆሮው ከበፊቱም ባነሰ ኃይል የሚጨመቅበት ጊዜ አለ። አዲስ የረጋ ደም የሚሠራው ያኔ ነው። ጡንቻው ቀስ በቀስ ነፍስ ሲዘራ ደግሞ የተሠራውን ጨምቆ ያስወጣዋል። ምት ከተስተካከለ በኋላ የሚመጡት ስትሮኮች አብዛኞቹ በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ውስጥ የሚደርሱት በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ኤትሪያል ፊብሪሌሽኑ ከ48 ሰዓት፣ በአውሮፓው የ2024 መመሪያ ደግሞ ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ፣ ወይም መቼ እንደጀመረ ካልታወቀ፣ ምቱን ከማስተካከል በፊት ቢያንስ 3 ሳምንት ሳይቋረጥ መድኃኒት ይወሰዳል፤ አለበለዚያ በጉሮሮ በኩል በሚደረገው ኢኮ ጆሮው ንጹሕ መሆኑ ይታያል። ከተስተካከለ በኋላ ደግሞ ለማንኛውም ሰው ቢያንስ 4 ሳምንት ይቀጥላል። ነጥባቸው 4 ለሆነው እናት ግን ከአራቱ ሳምንት በኋላም አይቆምም። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን እየሄደ የሚመለስ ሕመም ነው፤ ሲመለስም ሁልጊዜ አይሰማም።